የእናትና የአንድ ልጅ የጋራ ሂሳብ፦ ቀሪው ገንዘብ የማን ነው?

እናት አርጅተዋል። ባንክ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ፣ የሚስጥር ቁጥር ማስታወስ፣ ፎርም መፈረም ከብዷቸዋል። አጠገባቸው ያለችው ልጅ አንድ ቀን ይዛቸው ትሄድና ስሟ በሂሳቡ ላይ ይጨመራል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን የምትገዛው፣ የመብራቱን የምትከፍለው፣ የዕድሩን መዋጮ የምታደርሰው እሷ ናት። ማንም አይቃወምም። እንዲያውም ሌሎቹ ልጆች «ተመስገን፣ አንዷ ያዘችልን» ብለው ያርፋሉ። እናት ካለፉ በኋላ፣ ሐዘንተኛው ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ ግን ጥያቄው ይመጣል። ሂሳቡ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ስሟ ያለበት ልጅ ነው ወይስ ለሁሉም ልጆች የሚከፋፈል ውርስ?

ልጅቷ «ስሜ አለበት፣ እናቴ ናት ያስገባችኝ» ትላለች። ወንድሞቿ ደግሞ «አንቺ ለመላላክ ነው የገባሽው፣ ገንዘቡ የእናታችን ነው» ይላሉ። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱም ወገን ውሸታም አለመሆኑ ነው። እናት በሕይወት ሳሉ ሁለቱንም የሚያስብል ነገር አድርገዋል፤ ቁርጡን ግን አልተናገሩም።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ላይ ስለሚታዩ ነው። አንደኛው የባንኩ ጥያቄ ነው፦ ለማን ብከፍል ከተጠያቂነት ነፃ እሆናለሁ? ሁለተኛው የወራሾች ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ በእውነት የማን ነው? «በአንዱ ፊርማ ይንቀሳቀስ» የሚለው የሂሳብ መክፈቻ ቃል የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። ባንኩ ለልጅቷ ሲከፍል ውሉን አክብሯል፣ ከባንኩ ጋር ያለው ነገር እዚያ ላይ ያልቃል። ልጅቷ ገንዘቡን የራሷ አድርጋ ትወስዳለች ወይስ ለወራሾች ታስረክባለች የሚለው ግን ገና አልተነካም። ቆጣሪው ብሩን አስረክቧት ስትወጣ «ባንኩ ራሱ የኔ ነው ብሎ ሰጠኝ» የምትል ልጅ ባንኩ ያላለውን ነው የምትናገረው።

ይህን ጥያቄ አንጥሮ ካወጡት ፍርድ ቤቶች አንዱ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በካናዳ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በፈረንጆቹ ግንቦት 3 ቀን 2007 በአንድ ቀን ሁለት ተመሳሳይ ጉዳዮችን ወሰነ። በሁለቱም አባት ከአንዲት ሴት ልጁ ጋር የጋራ ሂሳብ ነበረው። በሁለቱም ገንዘቡን ያስገባው አባት ብቻ ነው። በአንደኛው ልጅቷ አሸነፈች፣ በሌላኛው ተሸነፈች። ለእኛ ትምህርቱ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ በሕግ ሰዎች ዘንድ «ፔኮር» በሚል ስም ይታወቃል። አባትየው ሦስት ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች ነበሩት። ይበልጥ የሚቀርበው ከአንዷ ልጁ ጋር ነበር። ኑሮዋ አልሞላላትም፣ ባሏም እጅና እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው ነበር። አባት አብዛኛውን ሀብቱን ከእሷ ጋር በጋራ ሂሳብ አደረገው። ሲሞት በሂሳቦቹ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነበር። በኑዛዜው ላይ ደግሞ ከተለዩ ስጦታዎች የተረፈውን ሀብት ለልጁና ለባሏ እኩል አድርጎ ነበር። በኋላ ባልና ሚስቱ ተፋቱ። ያኔ ባልየው «የጋራ ሂሳቡ ገንዘብ የውርስ ሀብት ነው፣ ስለዚህ በኑዛዜው መሠረት ግማሹ የኔ ነው» ብሎ ተነሳ። ተከራካሪው ወንድም ወይም እህት ሳይሆን የቀድሞ ባል ነው፤ ጥያቄው ግን ያው የኛ ጥያቄ ነው።

ለባልየው የሚያግዝ ማስረጃ ሞልቶ ነበር። አባትየው ሂሳቡን እስኪሞት ድረስ የሚያዘው ራሱ ነው። ግብሩን የሚከፍለው እሱ ነው። ልጅቷ ገንዘብ ስታወጣ ለእሱ ማሳወቅ ነበረባት። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ ለገንዘብ ተቋማቱ በጻፈው ደብዳቤ ንብረቱ መቶ በመቶ የራሱ እንደሆነና ለልጁ እንዳልሰጣት አስታውቋል። ደብዳቤውን የጻፈው በግብር ምክንያት ነው፤ ስጦታ ከተባለ ወዲያውኑ ግብር የሚያስከትል ሊሆን ይችል ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው «ነገሩ አለቀ፣ የአባትየው ገንዘብ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ፍርድ ቤቱ መነሻ ያደረገው ቀላል የሕግ ግምት ነው። ወላጅ ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጁ ያለ ክፍያ ንብረቱን በስሙ ሲያደርግ፣ ልጁ ያንን ንብረት በአደራ እንደያዘ ይገመታል። አደራ የሚለው የኛ ቃል ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል፤ እጁ ላይ አለ፣ የሱ ግን አይደለም። ወላጁ ሲሞት አደራው ለውርስ ሀብቱ ይመለሳል። ምክንያቱን ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ማርሻል ሮትስታይን ሲያስረዱ፣ ያረጁ ወላጆች ልጃቸውን በሂሳብ የሚያስገቡት ብዙውን ጊዜ ጉዳያቸውን እንዲያስተዳድርላቸው ነው ይላሉ። ልጁ ሕፃን ከሆነ ግን ግምቱ ይገለበጣል፤ ወላጅ ለሕፃን ልጁ ያደረገው እንደ ስጦታ ይቆጠራል።

በውጤቱ ተስማምተው በዚህ ላይ የተለዩት ዳኛ ሮዛሊ አቤላ ነበሩ። የወላጅ ፍቅር ልጁ ጎልማሳ ሲሆን አይቆምምና ግምቱ ለጎልማሳም ልጅ ስጦታ መሆን አለበት አሉ። ሐሳባቸው ልብ ይነካል። እኔ ግን ከአብላጫው ጋር ነኝ። የእናት ፍቅር ለሦስቱም ልጆች ነው፤ ፍቅርን መነሻ ካደረግን አንዷ ሁሉንም ትውሰድ የሚል ድምዳሜ አይወጣውም።

የሕግ ግምት ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ልጁ «ወላጄ በእርግጥ ሊሰጠኝ ነው ያስገባኝ» ብሎ ሚዛን በሚደፋ ማስረጃ ካስረዳ ግምቱ ይፈርሳል። የሚፈለገው ወላጁ ስም ባስገባበት ጊዜ የነበረው ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገና የተነገረ ነገርም ያንን የመጀመሪያ ሐሳብ የሚያሳይ ከሆነ ይታያል።

በፔኮር ጉዳይ ልጅቷን ያዳናት ይህ ነው። ፍርድ ቤቱ የአባትየውን ደብዳቤ ሲመለከት አንድ ልዩነት አወጣ፦ ሰውየው በሕይወት እያለ ንብረቱ የሱ እንደሆነ መናገሩና፣ ሲሞት የተረፈው ለልጁ እንዲሆን መፈለጉ አይጋጩም። የሰጣት የዛሬውን ገንዘብ ሳይሆን «ከኔ በኋላ የሚቀረውን የመውሰድ መብት» ነው። ኑዛዜውም ይህን ደገፈላት። አባት ሌላውን ንብረቱን ዘርዝሮ ሲናዘዝ ትልቁን የጋራ ሂሳብ አላነሳውም። ኑዛዜውን ያዘጋጀለት ጠበቃም አባትየው የዚያን ሂሳብ ነገር እንደ ተጠናቀቀ ይቆጥረው እንደነበር መሰከረ። አንድ ሰው ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ ረስቶ አይናዘዝም። ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ ለዚህች ልጅ ኑሮ ይጨነቅ እንደነበርም ተረጋገጠ። ተደምሮ ሚዛኑ ወደ እሷ ደፋ።

በዚያው ቀን በተወሰነው ሁለተኛው ጉዳይ አባት ከሦስት ልጆቹ ከአንዷ ጋር ሂሳብ ነበረው፣ የጠየቁትም የገዛ እህትና ወንድሟ ናቸው። እዚያም አባት ሂሳቡን ራሱ ይዞታል፣ ግብሩንም ራሱ ከፍሏል። ልጅቷ የባንኩን ፎርም አቀረበች። ነገር ግን ከፎርሙ ባሻገር አባት ሌሎቹን ትቶ ለእሷ ብቻ ሊሰጣት ማሰቡን የሚያሳይ በቂ ነገር አልተገኘም። ግምቱ ሳይፈርስ ቀረ፤ ገንዘቡ ወደ ውርስ ሀብቱ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ የባንክ ፎርም ዋጋ የለውም አላለም። ቃሉ ግልጽ በሆነ መጠን ክብደቱ ይጨምራል አለ። ችግሩ ብዙ ፎርም የሚጻፈው ባንኩን ለመጠበቅ መሆኑ ነው፤ የፈረመችው እናትም ምን ላይ እንደፈረመች ያስረዳት ሰው ላይኖር ይችላል።

ይህን ወደ አንድ ቤት እናምጣው። እንበል ቶሮንቶ የሚኖሩ አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ሦስት ልጆች አሏቸው። ኑዛዜያቸው «ሀብቴ ለሦስቱም እኩል» ይላል። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ትልቋ ልጅ በሂሳባቸው ገባች። ሲያርፉ 180 ሺህ ዶላር አለ። ልጅቷ የሞት ምስክር ወረቀት ይዛ ትሄዳለች፤ ባንኩ የእናትን ስም አውጥቶ ሂሳቡን በሷ ስም ብቻ ያደርገዋል። ይህ ሲሆን ክርክሩ ያለቀ ይመስላል፣ ገና መጀመሩ ነው። የውርስ ሀብት ከተባለ እያንዳንዳቸው 60 ሺህ ዶላር ያገኛሉ። የልጅቷ ከተባለ ግን እሷ 180 ሺህ፣ ሌሎቹ ባዶ እጅ።

ማስረዳት ያለባት እሷ ናት። ምን አላት? «እማዬ ያንቺ ነው ብላኛለች» የሚል ቃል። በኦንታሪዮ የማስረጃ ሕግ መሠረት ከሟች ጋር በነበረ ጉዳይ የሚከራከር ሰው በራሱ ቃል ብቻ ሊረታ አይችልም፤ ሌላ የሚደግፈው ማስረጃ ያስፈልጋል። ሟች ተነስተው «አላልኩም» ሊሉ ስለማይችሉ የተቀመጠ አጥር ነው። ጎረቤት፣ ቄስ፣ የቤተሰብ ሐኪም፣ ለወንድሟ በስልክ የተላከ መልእክት፣ የባንክ ሠራተኛ ማስታወሻ፣ ከእነዚህ አንዱ ካልተገኘ እውነቷን ቢሆንም ትሸነፋለች። በተቃራኒው ስሟ የገባበት ቀን ራሱ ይናገርባታል። ዳሌ ከተሰበረ በሦስተኛው ሳምንት የገባ ስም የሚመስለው ስጦታ ሳይሆን ምርኩዝ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ወደዚህ የሚገባው የኑዛዜ ማጽደቂያ ክፍያ ለማዳን ብሎ ነው። በኦንታሪዮ ይህ ክፍያ ለመጀመሪያው 50 ሺህ ዶላር የለም፤ ከዚያ በላይ ላለው በየሺው 15 ዶላር ነው። ለእናታችን 180 ሺህ ሲሰላ 130 ሺህ ላይ 1,950 ዶላር ይሆናል። ለዚህ ሲባል የተደረገ ስም ማስገባት ሦስት እህትማማችና ወንድማማች ጠበቃ ፊት ሲያቆማቸው ሂሳቡ የት እንደሚደርስ አንባቢ ይገምት። «ክፍያውን ለማዳን ነው» የሚለው ምክንያት ራሱ ለልጅቷ አይጠቅማትም፤ ክፍያ ማዳን ማለት ለአንዷ መስጠት ማለት አይደለም።

አሁን ይህንኑ ቤተሰብ ከቶሮንቶ ነቅለን ቨርጂኒያ እናስቀምጠው። ያው እናት፣ ያው ልጅ፣ ያው 180 ሺህ። በቨርጂኒያ ሕግ በጋራ ሂሳብ ውስጥ የቀረ ገንዘብ በሕይወት ላለው ባለሂሳብ ይሆናል። ይህን የሚቃወም ሰው ሂሳቡ ሲከፈት የተለየ ሐሳብ እንደነበረ በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት አለበት። እዚህ የማስረዳት ሸክሙ ወንድሞቿ ላይ ወድቋል፣ ሸክሙም ከካናዳው ይከብዳል። ሁለቱም ወገን ምንም ወረቀት ከሌለው በቶሮንቶ ልጅቷ ትሸነፋለች፣ በቨርጂኒያ ታሸንፋለች። እናት በሕይወት ሳሉ ግን በቨርጂኒያም ገንዘቡ የየአንዳንዱ ድርሻ ባስገባው መጠን ነው። ስለዚህ ልጅቷ እናቷ ሳይሞቱ የራሷን መኪና በዚያ ገንዘብ ብትገዛ ስሟ አያድናትም።

በአሜሪካ ውስጥም ግዛት ከግዛት ይለያያል። በሚኒሶታ ለምሳሌ በሕይወት የቀረው ይወስዳል የሚለው መነሻ እንዳለ ሆኖ፣ ሟች ያንን ሂሳብ ለይቶ በሚጠቅስ ሕጋዊ ኑዛዜ ሌላ ነገር ካዘዘ ኑዛዜው ይከበራል። «የአክስቴ ልጅ ጠበቃ አስጠይቃ ነበር» ብሎ ከአንዱ ከተማ የሰማውን ወደ ሌላ የሚወስድ ሰው በዚህ ምክንያት ይሳሳታል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ መሠረቱ ራሱ ይለያል። የኛ የውርስ ሕግ አሁንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሰው ሲሞት ውርሱ ይከፈታል፤ ኑዛዜ ከሌለ በቁጥር 842 መሠረት ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ እኩል ይወርሳሉ። በእንግሊዝ ሕግ ቤተሰብ የምናየው «በሕይወት የቀረው ሁሉን ጠቅልሎ ይወስዳል» የሚል ሥርዓት በውርስ ምዕራፉ ውስጥ ቦታ የለውም። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ስለነበሩ የኛ ዘመድ ከካናዳ ውስጥ እንኳ ኦንታሪዮ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኩቤክ ናት፤ እዚያም የጋራ ሂሳብ ሟች ድርሻውን ለቀሪው በራሱ አያሸጋግርም።

በፔኮር ጉዳይ ልጅቷን ያዳነው «ዛሬ የኔ፣ ስሞት ያንቺ» የሚለው ስጦታ በኛ ሕግ ሌላ እንቅፋት ይገጥመዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2428 ሰጪው ሲሞት የሚፈጸም ስጦታ በኑዛዜ ደንብ እንዲመራ ያዛል። ስለዚህ እናት ሂሳቡን እስኪሞቱ ራሳቸው ሊያዙበት፣ የተረፈው ግን የልጅቷ እንዲሆን ከፈለጉ ሐሳባቸው የኑዛዜን ቅርጽ መያዝ አለበት። በባንክ ፎርም ላይ ያለ ሁለት ፊርማ ኑዛዜ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ቁርጡን የሚሰጠው «ሐሳባቸው ምን ነበር?» የሚለው ነው፤ እዚህ ግን «በምን ቅርጽ ተናገሩት?» የሚለው ይጨመራል። ፎርሙን እንደ ትልቅ ሰነድ ይዛ ፍርድ ቤት የምትሄድ ልጅ ይህን ካላወቀች ትደነግጣለች።

ያ ማለት ግን ልጅቷ ምንም የላትም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በእናትና በልጅ ስም 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር አለ እንበል፤ ወራሾች ሦስት ልጆች ናቸው። ገንዘቡ በሙሉ የእናት ከሆነ ለእያንዳንዳቸው 600 ሺህ ብር ይደርሳል። ልጅቷ ግን «ሂሳቡ የሁለታችን ነው፣ ግማሹ ከመጀመሪያውም የኔ ነው» ብላ ልትከራከር ትችላለች። ይህ ከተቀበለላት ውርስ የሚሆነው የእናት ግማሽ 900 ሺህ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ የሷ ድርሻ 300 ሺህ ሲጨመር በጠቅላላው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ትወስዳለች፣ ወንድሞቿ 300 ሺህ 300 ሺህ። ይህን ክርክር የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም የባንክ መግለጫው ነው። ገቢው በሙሉ የእናት ጡረታ፣ የቤት ኪራይና ውጭ ያለው ልጅ ለእናቱ የላከው ሐዋላ ከሆነ የልጅቷ ግማሽ የት መጣ? በሌላ በኩል የሷ ደመወዝ በየወሩ ይገባ ከነበረ ያንን ያህሉ ውርስ አይደለም፤ የራሷ ገንዘብ ነው። ደመወዙን ከእናቱ ገንዘብ ጋር የሚቀላቅል ልጅ ይህን ቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው፤ የአሥር ዓመት መግለጫ ከመፈለግ ለራሱ አንድ ሂሳብ መክፈት ይቀላል።

ሌላ ብዙዎች የሚዘነጉት ሰው አባት ነው። አባት በሕይወት ካሉ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በአንዱ ተጋቢ ስም ያለ ንብረትም ቢሆን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። በእናት ስም የተቀመጠው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ሲሆን በመጀመሪያ የአባት ግማሽ 900 ሺህ ይወጣል። እሳቸው ይህን የሚወስዱት በወራሽነት አይደለም፤ ድሮም ድርሻቸው ስለሆነ ነው። ልጆቹ የሚከፋፈሉት የቀረውን ነው፣ ለእያንዳንዳቸው 300 ሺህ። ልጆች ሦስት ሆነው ሲጣሉ የዝምተኛው አባት ግማሽ ክርክሩ ውስጥ ሲጠፋ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

በተግባር ባንኩ የሞቱን ዜና ሲሰማ ብዙ ጊዜ ሂሳቡን ያግድና ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ግን ስልኩ ወይም ካርዱ በእጇ ያለ ልጅ ገንዘቡን ልታወጣው ትችላለች። ለቀብር ያወጣችው ከሆነ አትፍራ፤ የቀብር ወጪ ከውርሱ ላይ በቅድሚያ የሚከፈል ነው፣ ደረሰኝ ትያዝ እንጂ። ከዚያ ያለፈውን ግን ወራሾች ሊጠይቋት ይችላሉ። ገንዘቡን አውጥቶ ወደ ሌላ ሂሳብ ማዛወር ባለቤትነት አይፈጥርም፤ የሚፈጥረው ጥርጣሬ ነው፣ ያውም ባልነበረበት ቤት።

እዚህ ላይ ስለ ጧሪ ልጅ ሳይነሳ አይታለፍም። አራት ዓመት እናቷን ያጠበች፣ ሥራዋን የተወች፣ ትዳሯን ያዘገየች ልጅ ውጭ ካለው ወንድሟ ጋር እኩል ትካፈል ሲባል ይመርራል። «እሱ መቼ መጣ?» ትላለች፣ እውነቷን ነው። የካናዳም የኛም ሕግ ግን የሚጠይቀው ማን ይገባዋል ብሎ ሳይሆን ሟች ምን ወሰኑ ብሎ ነው። እናት ልጃቸውን ሊክሷት ከፈለጉ ይችላሉ፤ ይህን መፈለጋቸውን ግን መናገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው፣ በሕይወት ሳሉ። «ልጆቼ እንዳይጣሉ» ብለው ዝም የሚሉ እናት ጠቡን ያዘገዩት እንደሆነ እንጂ አያስቀሩትም።

ለመላላክ ብቻ ከሆነ የጋራ ሂሳብ አያስፈልግም፤ በሰነዶች ማረጋገጫ የተሰጠ ውክልና ይበቃል። ውክልና ለማን እንደሚሠራ ስሙ ራሱ ስለሚናገር በኋላ የሚያጠራጥር ነገር የለውም፤ ወካዩ ሲሞትም በመደበኛው ያበቃል። ለስጦታ ከሆነ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ገንዘቡን ዛሬውኑ ለልጅቷ ሰጥቶ ከእጅ ማውጣት ነው፣ እናት በእርጅናቸው ባዶ እጃቸውን መቅረት ካልፈሩ። ሁለተኛው ኑዛዜ ነው። እናት መጻፍ ከቻሉ ሙሉውን በእጃቸው ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጠቅሰው፣ በየገጹ ቀን ጽፈው ይፈርሙበታል። ልጅ የጻፈችላቸውና እናት የፈረሙበት ወረቀት በእጅ ጽሑፍ ኑዛዜነት አይቆምም፤ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ነው። መጻፍ ካልቻሉ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦላቸው የሚፈረመው ግልጽ ኑዛዜ አለ። ውስጡም «ሀብቴን ሁሉ» ከማለት ይልቅ የባንኩን ስምና የሂሳቡን ቁጥር ቢጠቅስ ይመረጣል።

ካናዳና አሜሪካ ያሉ ወላጆች ደግሞ ስም ባስገቡበት ቀን አንድ ገጽ ወረቀት ቢጽፉ የብዙ ዓመት ክርክር ይዘጋሉ። «ልጄን ያስገባኋት እንድትከፍልልኝ ብቻ ነው፣ ስሞት ገንዘቡ በኑዛዜዬ ይመራ» ወይም «ስሞት የተረፈው ለእሷ ብቻ እንዲሆን ነው፣ ሌሎቹ ልጆቼም ይህን ይወቁ»። ይህ ሲጻፍ ልጅቷ ክፍሉ ውስጥ ባትኖር፣ ከቻሉም በራሳቸው ጠበቃ ፊት ቢሆን ይሻላል፤ አለበለዚያ ቀጣዩ ክርክር «አስገድዳ አስፈረመቻት» የሚል ይሆናል።

እናት ካለፉና ወረቀት ከሌለ ደግሞ ወራሾች ከመካሰሳቸው በፊት ከባንኩ ሊጠይቁት የሚገባው ሁለት ነገር ነው፦ ስም የተጨመረበት ቀን ያለበት የሂሳብ መክፈቻ ፎርምና ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው የገቢና ወጪ መግለጫ። ስሙ መቼ ገባ፣ ገንዘቡን ማን አስገባ፣ ልጅቷ እናት በሕይወት ሳሉ ለራሷ ጉዳይ አንድ ብር አውጥታ ታውቃለች ወይ? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ አብዛኛው ቤተሰብ ዳኛ ጋ ሳይደርስ መልሱን ያውቀዋል።